የፈርኒቸሩን ወጪ በትዕዛዝ፣ የዱቄቱን በክፍል ሰብስብ

ጥያቄ፦ ሰላም ባለሙያዎች፣ የሁለት ድርጅት ሂሳብ እይዛለሁ። አንዱ ደንበኛ ባዘዘው ልክ ፈርኒቸር ይሰራል፣ ሌላው የዱቄት ፋብሪካ ነው። ለሁለቱም የወሩን ወጪ ደምሬ በተመረተው ብዛት አካፍላለሁ። የፈርኒቸሩ ባለቤት ስራ በዝቶ ትርፍ ግን የለም ይለኛል፣ ፋብሪካው ጋ ደሞ ፉርሽካው በየወሩ ኪሳራ ያሳየኛል። ጆብ ኮስቲንግና ፕሮሰስ ኮስቲንግ የሚባሉት የቱ ለየቱ ነው? በተግባርስ ምን ይለያቸዋል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ለፈርኒቸሩ ጆብ ኮስቲንግ፣ ለዱቄቱ ፕሮሰስ ኮስቲንግ ነው፣ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። ሁለቱም ቤት ያየኸው ችግር ግን የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፣ ከማካፈሉ። ማካፈል ራሱ ስህተት አይደለም፣ ፕሮሰስ ኮስቲንግም መጨረሻ ላይ ማካፈል ነው። ጥያቄው ምኑን በምን ታካፍላለህ ነው፣ ከዛ በፊት ደሞ ወጪው የት ላይ ነው የሚጠራቀመው የሚለው ነው።

መለያው እንዲህ ነው። ከስቶር አንድ እቃ ሲወጣ ወይ አንድ ሰራተኛ አንድ ሰአት ሲሰራ "ይሄ የማን ነው?" ብለህ ጠይቅ። መልሱ "የእንትና ትዕዛዝ ነው" ከሆነ ወጪው ትዕዛዙ ላይ ይጠራቀማል፣ ይሄ ጆብ ኮስቲንግ ነው። መልሱ "የማንም አይደለም፣ የወፍጮ ክፍሉ የዚህ ወር ስራ ነው" ከሆነ ክፍሉና ወሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዛ ክፍሉ ባወጣው ምርት ይካፈላል፣ ፕሮሰስ ኮስቲንግ ይሄው ነው። ዱቄት ቤት ገብተህ ይሄ ኪሎ ዱቄት ከየትኛው ስንዴ መጣ ብትል ማንም አይነግርህም፣ ማወቁም አይጠቅምህም ምክንያቱም አንዱ ኪሎ ከሌላው አይለይም። ፈርኒቸር ቤት ግን አንዱ ደንበኛ ቀጥ ያለ የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን፣ ሌላው እግሩ የተቀረጸ የጠንካራ እንጨት ጠረጴዛ አዞ ሁለቱን "2 ፍሬ ፈርኒቸር" ብሎ መደመር ምንም ትርጉም የለውም።

ፈርኒቸሩን በቁጥር እንየው፣ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የመረጥኳቸው ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አድርገህ እንዳትወስዳቸው። ቁም ሳጥኑ የ18,000 ብር ማቴሪያል በላ እንበል፣ 20 ሰአት ተሰራበት። ጠረጴዛው የ14,000 ብር ማቴሪያል በላ ግን ቅርጻ ቅርጹ፣ ማለስለሱና ቫርኒሹ 70 ሰአት ወሰደ። የአንድ ሰአት ጉልበት 100 ብር ነው፣ ኦቨርሄድ (የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የማሽን እርጅና፣ የሱፐርቫይዘር ደሞዝ ምናምን) ደሞ በሰአት 120 ብር። ቁም ሳጥኑ 18,000 ሲደመር 2,000 ሲደመር 2,400፣ ጠቅላላ 22,400 ሆነ። ጠረጴዛው 14,000 ሲደመር 7,000 ሲደመር 8,400፣ 29,400። በማቴሪያል ርካሹ የነበረው በወጪ ውድ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

አሁን አንተ የምታደርገውን እናድርግ። ሁለቱ ተደምረው 51,800፣ ለ2 ሲካፈል 25,900፣ በዛ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ሲጨመር ሁለቱም በ31,080 ይሸጣሉ። ቁም ሳጥኑ በትክክለኛ ወጪው ቢሰላ 26,880 ነበር የሚሸጠው፣ ስለዚ ቁም ሳጥን ፈላጊው ተወደደብኝ ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል። ጠረጴዛው 35,280 መሸጥ ሲገባው በ31,080 ሄደ፣ የቀረው ትርፍ 1,680 ብቻ ነው፣ ለዛ ሁሉ 70 ሰአት። የተቀረጸ ጠረጴዛ ፈላጊ ደሞ ይሄ ቤት ርካሽ ነው ብሎ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ወሬው ሲዞር የሚቀጥለው ወር አንድ ቁም ሳጥንና ሶስት ጠረጴዛ ታዘዘ፣ ዋጋው ባለፈው ወር አማካይ የተቆረጠው ነው እንበል። ገቢው 124,320፣ ወጪው 110,600፣ ትርፉ 13,720። ባለፈው ወር በ90 ሰአት 10,360 ተርፎ ነበር፣ አሁን ግን 230 ሰአት ተለፍቶ ነው ይሄ የመጣው፣ በሰአት ከ115 ብር ወደ 60 ብር ወረደ ማለት ነው። ባለቤቱ ስራ በዛ ትርፍ የለም ያለህ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ አማካይ ዋጋው ራሱ ከባድ ስራ ወደሱ እየጎተተ ቀላሉን እያባረረበት ነው። በአማካይ መስራት አንዳንዱ ላይ ይጎዳል አንዳንዱ ላይ ይጠቅማል መጨረሻ ላይ ይቻቻላል የሚሉ አሉ፣ አይቻቻልም፣ ደንበኛው የሚጠቅመውን ነው የሚመርጠው።

ስለዚ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቁጥር ያለው ጆብ ካርድ ይከፈትለታል። ጆብ ካርዱ ላይ ሶስት ነገር ነው የሚሰበሰበው። ማቴሪያል ከስቶር ሲወጣ የወጪ ማዘዣው ላይ የጆብ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሙሉ ሉህ ኤምዲኤፍ ወጥቶ ግማሹ ከተረፈና ለሌላ ስራ የሚሆን ከሆነ መመለሻ ተጽፎ ከካርዱ ላይ ይቀነሳል፣ ለምንም የማይሆን ቁራጭ ከሆነ ግን እዛው ካርዱ ላይ ይቀራል ምክንያቱም ያን ስራ ለመስራት መውጣቱ ግድ ነበር። ማጣበቂያ፣ ሚስማር፣ የአሸዋ ወረቀት የመሳሰለውን በየካርዱ ለመቁጠር አትድከም፣ መቁጠሩ ከራሱ ከእቃው ይበልጥ ያስወጣል፣ ኦቨርሄድ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው ሰአት ነው፣ ጆብ ኮስቲንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። አናጺው የሰራበትን ሰአት በየቀኑ ስራ ሲቀይር መጻፍ አለበት፣ ከዚህ ሰአት እስከዚህ ሰአት ጆብ 14፣ ከዛ ጆብ 17 እያለ። ብዙ ቤት ግን ሳምንቱ መጨረሻ ላይ በግምት ነው የሚሞላው። በግምት መሞላቱን በቀላሉ ታውቀዋለህ፣ የሁሉንም ካርድ ሰአት ደምርና ደሞዝ ከተከፈለበት ሰአት ጋር አስተያየው። በየሳምንቱ ልክ አንድ አይነት ከመጣ አትመነው። እውነተኛ ወርክሾፕ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ እንጨት እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ማሽን ይጠገናል፣ ስለዚ የተከፈለው ሰአት ከካርዶቹ ድምር በተወሰነ መጠን መብለጥ አለበት። ያ ልዩነት ስራ ፈት ሰአት ነው፣ የሚገባው ኦቨርሄድ ውስጥ ነው። በግምት ሲሞላ ግን ያ ሰአት ትልቁ ትዕዛዝ ላይ ይለጠፍና ትልቁ ስራ ያልበላውን በላ ይባላል።

ሶስተኛው ኦቨርሄድ ነው፣ ቅድም 120 ያልኩት። እሱ ከየት መጣ? በአመቱ መጀመሪያ የአመቱ ኦቨርሄድ 720,000 ይሆናል፣ 6,000 የጉልበት ሰአት ይሰራል ተብሎ ተገመተ፣ ሲካፈል 120። ለምን በየወሩ የወጣውን በየወሩ አናካፍልም ትል ይሆናል። ወርክሾፑ በወር 60,000 ቋሚ ኦቨርሄድ አለው በል፣ ስራ በቀዘቀዘ ወር 250 ሰአት ብቻ ከተሰራ በሰአት 240 ይሆናል፣ በሞቀ ወር 600 ሰአት ሲሰራ 100 ይሆናል። ያው ጠረጴዛ ያው 70 ሰአት በአንዱ ወር 16,800 በሌላው 7,000 ኦቨርሄድ ተሸከመ ማለት ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋ ጨምረህ ያለውንም ደንበኛ ታባርራለህ። ስለዚ በአመት ግምት አንድ ሬት ይወጣል፣ አመቱ ሲያልቅ ልዩነቱ ይስተካከላል፦ ትክክለኛው ኦቨርሄድ 735,000 ሆኖ የተሰራው 5,800 ሰአት ከሆነ ስራዎቹ ላይ የተጫነው 696,000 ነው፣ የጎደለው 39,000 ትንሽ ከተባለ በአንድ ጊዜ የተሸጠ እቃ ወጪ ላይ ይጨመራል፣ ትልቅ ከሆነ በስራ ላይ ላለው፣ ላለቀው ግን ላልተሸጠውና ለተሸጠው ይከፋፈላል። አብዛኛው ስራ በማሽን የሚሄድበት ቤት ከሆነ ደሞ በጉልበት ሰአት መጫኑ ትክክል አይመጣም፣ ለማሽን ክፍሉ የማሽን ሰአት ተጠቀም፣ ለእጅ ስራው የጉልበት ሰአት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። እንጨት ተቆርጦ ቢበላሽ የማን ነው? ደንበኛው የጠየቀው ዲዛይን ራሱ አስቸጋሪ ሆኖ ከሆነ፣ ጠማማ ቅርጽ ምናምን፣ የዛ ትዕዛዝ ወጪ ነው። ማንኛውም ስራ ላይ ሊያጋጥም የሚችል የተለመደ ብልሽት ከሆነ ኦቨርሄድ ነው፣ ሁሉም ይጋራዋል። አናጺው ልኬት ተሳስቶ ሙሉ ሉህ ካበላሸ ግን ደንበኛው ካርድ ላይም ኦቨርሄድ ውስጥም አትቅበረው፣ ለብቻው ኪሳራ ብለህ አውጣው፣ ባለቤቱ ማየት ያለበት ቁጥር ነው።

ወደ ዱቄቱ ልምጣ። እዚህ ጆብ ካርድ ልክፈት ብትል በምን ቁጥር ትከፍታለህ? ስንዴው ይገባል፣ ይጸዳል፣ ውሃ ተጨምሮበት ጋን ውስጥ ያርፋል፣ ሮለሮቹ ይፈጩታል፣ ወንፊቱ ይለያል፣ ይታሸጋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስንዴም ያንኑ ይደግማል። ስለዚ ወጪው በክፍል ይጠራቀማል። ለቀላል ስሌት ሁለት ክፍል አለ እንበል፣ አንዱ ማጽዳትና ማራስ፣ ሁለተኛው መፍጨት።

በወሩ መጀመሪያ የቀረ ስራ አልነበረም። በወሩ 10,000 ኩንታል ስንዴ በ9,800,000 ብር ገባ። ሲጸዳ 200 ኩንታል ጠጠር፣ ገለባና ሌላ እህል ሆኖ ወጣ፣ ይሄ በየወሩ የሚጠበቅ የተለመደ ጉድለት ነው ስለዚ ዋጋው ለብቻው አይመዘገብም፣ የተረፈው 9,800 ኩንታል ይሸከመዋል፣ በኩንታል 1,000 ብር። ከዚህ ውስጥ 9,000 ወደ ወፍጮ ተላለፈ፣ 800 ኩንታል ግን ወሩ ሲዘጋ ጋን ውስጥ እርጥበቱን እየሳበ ነበር። ጠንካራ ስንዴ አንድ ቀን ገደማ ማረፍ ስለሚፈልግ ወር በተዘጋ ቁጥር ጋን ውስጥ የሆነ ያህል መገኘቱ አይቀርም።

እነዚህን 800 ምን እናድርጋቸው? ስንዴያቸው መቶ በመቶ ገብቷል፣ የክፍሉ ስራ (ጉልበት፣ መብራት፣ እርጅና) ግን ግማሽ ብቻ ነው ያረፈባቸው እንበል። ስለዚ በስራው በኩል 400 ሙሉ ኩንታል እንደሰራን ይቆጠራል፣ ኢኳይቫለንት ዩኒት የሚሉት ይሄን ነው። የክፍሉ የወሩ የስራ ወጪ 188,000 ከሆነ ለ9,000 ሲደመር 400፣ ለ9,400 ይካፈላል፣ በኩንታል 20 ብር። ወደ ወፍጮ የተላለፈው 9,000 ኩንታል በ1,020 ሂሳብ 9,180,000 ነው፣ ጋን ውስጥ የቀረው 800,000 ስንዴ ሲደመር 8,000 ስራ፣ 808,000። ሁለቱን ብትደምር 9,988,000 ይመጣል፣ የገባውም 9,800,000 ሲደመር 188,000 ያው ነው። ይሄ ድምር ካልገጠመ ቀጥሎ ያለውን አትስራ፣ ስህተቱ እዚሁ ነው ያለው።

ሚዛኑ ላይ ግን ተጠንቀቅ። 12 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ስንዴ 16 በመቶ እስኪደርስ ውሃ ሲጠጣ ወደ 4.76 ኩንታል ይጨምራል። ወደ ወፍጮ የተላለፈውን ከራሰ በኋላ መዝነህ ከመዘገብክ ውሃውን እንደ ስንዴ ቆጠርከው፣ የኩንታሉ ወጪ በሐሰት ይወርዳል፣ ከዛ ሲፈጭ ውሃው በከፊል ሲተን ወፍጮ ክፍሉ ላይ ያልነበረ ጉድለት ይታይሃል። ስለዚ በሁለቱም ክፍል የምትቆጥረው የጸዳ ስንዴ ከመራሱ በፊት ያለውን ክብደት ይሁን፣ እኔም እዚህ የተጠቀምኩት እሱን ነው፣ በፍጨት መጨረሻም የተጨመረው ውሃ ሁሉ ተኖ ወጣ ብዬ ነው የማሰላው።

አሁን ፉርሽካው። ወፍጮው 9,180,000 የተቀበለው ላይ የራሱን 495,000 ጨመረ፣ 9,675,000 ሆነ። ከ9,000 ኩንታል 75 በመቶ ዱቄት ወጣ፣ 6,750 ኩንታል፣ የቀረው 2,250 ፉርሽካ ነው። አንተ በብዛት ስታካፍል ዱቄቱንም ፉርሽካውንም አንድ ላይ ቆጥረህ 9,675,000 ለ9,000 ታካፍላለህ፣ በኩንታል 1,075። ፉርሽካው በ400 ብር ይሸጣል እንበል፣ ኩንታሉ 675 ከሰረ ተባለ። እውነት ግን ፉርሽካ ማንም አቅዶ አላመረተውም፣ ዱቄት ስትፈጭ የሚመጣ ነገር ነው፣ ለሱ ተብሎ የወጣ አንድም ብር የለም። የበለጠ አደገኛው ደሞ ሌላኛው ጎን ነው፣ ዱቄቱ 1,075 ብቻ የወጣበት ይመስላል።

ትክክለኛው መንገድ ፉርሽካውን ተረፈ ምርት ብሎ መያዝ ነው። የሚሸጥበት ገንዘብ፣ የመሸጫ ወጪ ካለው ያ ተቀንሶ፣ ከጠቅላላው ይቀነሳል። 2,250 በ400 ሲባዛ 900,000 ነው፣ ከ9,675,000 ሲቀነስ 8,775,000፣ ለ6,750 ኩንታል ዱቄት ሲካፈል 1,300 ብር። ፋብሪካው በ1,200 እየሸጠ ቢሆን ባንተ ሂሳብ በኩንታል 125 እያተረፈ ይመስላል፣ እውነቱ 100 እየከሰረ ነው። ፉርሽካውን "ኪሳራ ነው" ብለው ቢያቆሙት እንኳ ምንም አይቀንስም፣ ዱቄት ሲፈጭ መምጣቱ አይቀርም፣ የሚቀረው 900,000 ገቢው ብቻ ነው። ፋብሪካው ከአንድ ስንዴ ሁለት ሶስት አይነት ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ግን እነሱ ተረፈ ምርት አይደሉም፣ ሁሉም ዋና ምርት ስለሆኑ 8,775,000ውን በየአንዳንዳቸው የሽያጭ ዋጋ ድርሻ አከፋፍለው።

ፕሮሰስ ኮስቲንግ አንድ መጥፎ ባህሪ አለው፣ ጥፋትን በአማካይ ውስጥ ይደብቃል። የተለመደው 75 በመቶ ሆኖ አንድ ወር 72 ቢመጣ 270 ኩንታል ዱቄት ሊሆን የሚችል ነገር ፉርሽካ ሆነ ማለት ነው። ዝም ብለህ ካካፈልክ የኩንታሉ ወጪ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ባለቤቱም ስንዴ ተወዶ ነው ይላል። ስለዚ የተለመደውን መጠን ይዘህ ዱቄቱን በ1,300 አስቀምጠው፣ የጎደለውን 270 ኩንታል በ1,300 እና በ400 መሀል ባለው ልዩነት 900 አባዛው፣ 243,000 ብር ያልተለመደ ኪሳራ ብለህ ለብቻው አውጣ። ከዛ ወፍጮ ቤት ወርደህ ፉርሽካውን በእጅህ እየው። የፍሬው ቅርፊት ላይ ነጭ ዱቄት ተለጥፎ ከቀረ ሮለሩ ጥርሱ አልቋል ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ፉርሽካው ውስጥ ልል ዱቄት ከተገኘ ወንፊቱ ተዘግቶ ይሆናል፣ ቅርፊቱ ደቆ ወደ ዱቄቱ እየገባ ዱቄቱ ከጠቆረ ደሞ ስንዴው በደንብ ሳይርስ ተፈጭቶ ይሆናል።

የሚደባለቁበትም ጊዜ አለ። ፈርኒቸር ቤቱ ለትምህርት ቤት 300 አንድ አይነት ወንበር ከተቀበለ ትዕዛዙ አሁንም አንድ ጆብ ነው፣ ካርዱም አንድ፣ ግን መጨረሻ ላይ ለ300 ታካፍላለህ፣ እዛ ላይ ማካፈሉ ትክክል ነው ምክንያቱም ወንበሮቹ አይለያዩም። ዱቄት ፋብሪካው ለአንድ ዳቦ ቤት ቪታሚን የተጨመረበት ዱቄት ከሰራ ስንዴውና ፍጨቱ በፕሮሰስ ይሰላል፣ ቪታሚኑና ልዩ ማሸጊያው ብቻ በቀጥታ ያ ትዕዛዝ ላይ ይጫናል። ሰዎች የራሳቸውን ስንዴ አምጥተው የሚያስፈጩ ከሆነ ደሞ ስንዴውን ስቶክ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ያንተ አይደለም፣ የምታሰላው የማጽዳትና የመፍጨት ወጪውን ብቻ ነው።

ያሉህን ፋይሎች ለማስተካከል ከፈርኒቸሩ ጀምር፣ ያለፈውን ወር አምስት ስድስት ትዕዛዝ ውሰድና የስቶር ወረቀትና አናጺዎቹን ጠይቀህ በግምትም ቢሆን ካርድ አውጣላቸው፣ የትኛው ትዕዛዝ ላይ ገንዘቡ እንደሚያልቅ ቶሎ ይታይሃል። ዱቄቱ ጋ ያለፉትን ወራት የጸዳ ስንዴ፣ የዱቄትና የፉርሽካ ኪሎ ብቻ ደርድር። ሶስቱን ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ስሌቱን ከመቀየርህ በፊት ሚዛን የሚይዝ ሰው እንዲመደብ ባለቤቱን ጠይቀው።